ቦቢኑ ላይ ስንት ሜትር ሽቦ ቀረ? ሳይፈታ በሚዛን ማወቅ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ዲናሞ እጠመጥማለሁ። ከአንድ ዳቦ ቤት የሊጥ ማቡኪያ ሁለት ትንንሽ የሶስት ፌዝ ዲናሞዎች መጥተውልኛል። አንዱ ባለ 0.50 ሽቦ 480 ሜትር ያህል ይበላል። የተጀመረ ቦቢን አለኝ፤ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 2.15 ኪሎ ሆነ። ካሊፐር ሽቦውን 0.55 ይለዋል። በ0.55 ሳሰላ 1015 ሜትር፣ በ0.50 ሳሰላ 1228 ሜትር ወጣልኝ። የቱን ልመን? ለሁለቱም ይበቃኛል? የቦቢኑ ወረቀት ላይ 5.26 እና 5.00 የሚሉ ቁጥሮችም አሉ፤ ምን እንደሆኑ አላውቅም።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትመን። ቦቢኑ ላይ ያለህ 1040 ሜትር አካባቢ ነው። ለሁለቱም ይበቃሃል፣ ግን ለጥቂት ነው። 1015 ያልከው ለእውነቱ የቀረበው በአጋጣሚ ነው። ሁለት ስህተት ሠርተህ አንዱ ሌላውን አጣፋልህ። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ስህተቶች ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብሉብህ ስለሚችሉ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መዳብ በአንድ ሜትር ኩብ ወይም በሌላ ትልቅ መለኪያ ሲነገር ግራ ያጋባል። በእኛ ሥራ እንዲህ አስበው። የተቆረጠ ጫፉ ስፋት 1 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ፣ አንድ ሜትሩ 8.9 ግራም ይመዝናል። ክብ ሽቦ ስለምንጠቀም ስፋቱን ለማግኘት ውፍረቱን በራሱ አባዝተህ በ0.785 ታባዛለህ። 8.9ን በ0.785 ስታባዛው ደግሞ 7 ይሆናል ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቃልህ የምትይዘው ይህን ብቻ ነው፦

```
የአንድ ሜትር ክብደት በግራም = 7 × ውፍረት × ውፍረት
ርዝመት በሜትር = የሽቦው ክብደት በግራም ÷ የአንድ ሜትር ክብደት
```

ውፍረቱ በሚሊሜትር ነው። ፌራዮዎች የፌሮን ክብደት ለማወቅ ውፍረቱን በራሱ አባዝተው ለ162 ሲያካፍሉ አይተህ ይሆናል። ነገሩ ያው ነው። የብረቱ ቁጥር በግራም ሲሆን 6.17 ነው፣ የመዳቡ 7 ነው። 1000ን ለ162 ብታካፍል ታገኘዋለህ።

አንተም በዚሁ መንገድ እንደሠራህ ከቁጥሮችህ ይታያል። ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ ያስገባሃቸው ቁጥሮች ላይ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱ። 2.15 ኪሎ የሽቦው ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲኩም አለበት። ግራ ያጋቡህ የወረቀቱ ቁጥሮች እዚህ ላይ ይጠቅሙሃል። 5.26 ቦቢኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነፕላስቲኩ የመዘነው ነው። 5.00 ደግሞ የተጣራው ሽቦ። ልዩነቱ 0.26 ኪሎ የባዶው ቦቢን ክብደት ነው ማለት ነው። ሽቦው ሲያልቅ ፕላስቲኩ አይቀልም። ስለዚህ 2.15 ሲቀነስ 0.26፣ 1.89 ኪሎ ሽቦ አለህ። ቦቢኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ይህን ብትረሳው ስህተቱ አምስት በመቶ ገደማ ነበር። አሁን ግን ከግማሽ በታች ስለሆነ አሥራ ሁለት በመቶ ደርሷል። ሩብ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ወረቀቱ ተቀዶ የጠፋበት ቦቢን ካለህ፣ ተመሳሳይ ባዶ ፈልገህ መዝነው። እኔ ባዶ በተረፈኝ ቁጥር መዝኜ ክብደቱን በማርከር እጽፍበታለሁ።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ዋናው ጣጣም እዚህ ጋር ነው። ካሊፐርህ አልዋሸም፤ ሽቦው እውነትም 0.55 ነው። ግን 0.55 የሆነው ከነቀለሙ ነው። ፋብሪካው 0.50 የሚለው መዳቡን ብቻ ነው። በመሃል ያለው 0.05 ኢናሜሉ፣ እኛ ቀለም የምንለው ነው። ቀለሙን እንደ መዳብ ቆጥረህ በ0.55 ስታሰላ፣ በሌለ መዳብ ሽቦውን አከበድከው። የአንድ ሜትሩ ክብደት 2.12 ግራም ሆኖ ወጣልህ። ስለዚህ ርዝመቱ አነሰ። ፕላስቲኩን አለመቀነስህ ደግሞ ርዝመቱን አበዛው። የተጣፋው ይህ ነው። ፕላስቲኩን ብቻ ቀንሰህ በ0.55 ብትሠራ ኖሮ 893 ሜትር ይወጣልህና «አይበቃኝም» ብለህ አዲስ ቦቢን ልትገዛ ትሄድ ነበር።

ውፍረት ላይ መጠንቀቅ ያለብህ በራሱ ስለሚባዛ ነው። ሁለት በመቶ ብትሳሳት፣ ርዝመቱ ላይ አራት በመቶ ይሆናል። ባለ 0.50 ሽቦ ላይ 0.02 ሚሊሜትር የሳተ ካሊፐር ስምንት በመቶ ያሳስትሃል። በአንተ ቦቢን ሰማንያ ሜትር ማለት ነው። የፕላስቲክ ካሊፐር ካለህ አንድ ሽቦ ነጥለህ አትለካ። እስክሪብቶ ወይም የካቻቢቴ ዘንግ ላይ ሃያ ዙር አጠጋግተህ ጠምጥምና የሃያውን ስፋት አንድ ላይ ለካ። 11 ሚሊሜትር ከሆነ አንዱ 0.55 ነው። ዙሮቹ እንዳይነባበሩ፣ ክፍተትም እንዳይኖራቸው በጥፍርህ ግፋቸው።

ወረቀቱ ጠፍቶ የመዳቡን ውፍረት ራስህ ማግኘት ካለብህ፣ ጫፉን በላይተር አቃጥለህ በጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ ለካ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው። ብርጭቆ ወረቀት ከቀለሙ ጋር መዳቡንም ይበላል፤ 0.50 የነበረው 0.47 ይሆንና ያልነበረ ሽቦ ትፈጥራለህ። ብዙ ሠራተኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ።

እሺ፣ ታዲያ ቀለሙን እንተወው? አይሆንም። ቀለሙ ራሱ ክብደት አለው። መዳቡ በ0.50 ሲሰላ አንድ ሜትሩ 1.75 ግራም ነው። በ0.50 እና በ0.55 መካከል ያለው የቀለም ቀለበት ደግሞ፣ ክብደቱ ከውሃ ትንሽ ስለሚበልጥ፣ በሜትር 0.06 ግራም ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከሦስት በመቶ ይበልጣል። ሽቦው በቀጠነ ቁጥር የቀለሙ ድርሻ ይጨምራል። ባለ 1 ሚሊሜትር ላይ ከምንም አትቆጥረው፣ ባለ 0.20 ላይ ግን መርሳት አይቻልም። ስለዚህ የአንተ ሽቦ አንድ ሜትሩ 1.81 ግራም ነው።

```
1890 ÷ 1.81 = 1044 ሜትር
```

ይህን ቁጥር ግን እንደ ሕግ አትያዘው። ባለ 0.50 ሽቦ ከፋብሪካ ሲወጣ 0.495 ወይም 0.505 ሊሆን ይችላል፤ ይፈቀድለታል። እሱ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሃያ ሜትር ያንቀሳቅስሃል። የቀለሙንም ግምት ጨምርበት። እኔ ብሆን «ከ1010 እስከ 1075» ብዬ ነው የምይዘው። አንተ 480 እና 480 ትፈልጋለህ፣ 960 ነው። ለጫፍ፣ ለመገጣጠሚያና ለተበላሸ ዙር አምስት በመቶ ስትጨምር 1008 ይሆናል። ለጥቂት ነው ያልኩህ ለዚህ ነው።

ከዚህ የተሻለ እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ውፍረቱን ጨርሶ ተወው። አሥር ሜትር ፍታና ቆርጠህ መዝን። ወርቅ ቤት እንደሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽዬ ሚዛን ካገኘህ በጣም ጥሩ ነው። 18.1 ግራም ከመጣ አንድ ሜትሩ 1.81 ነው፤ መዳቡም ቀለሙም የፋብሪካው ልዩነትም ሁሉም በውስጡ አለ። ርዝመቱን መሬት ላይ ሁለት ምልክት አድርገህ በሜትር ለካ፣ ሽቦውን አትወጥረው። ሚዛንህ አንድ አንድ ግራም ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግን አሥር ሜትር አይበቃም፤ ግማሽ ግራም ሲስት ሦስት በመቶ ነው፣ ማለትም ያመለጥከው ስህተት ተመልሶ መጣ። እንዲህ ከሆነ ሃምሳ ሜትር መዝን። የቆረጥከው አይባክንም፣ የመጀመሪያውን ኮይል በእሱ ትጀምራለህ።

ይህ የአሥር ሜትር ልማድ ለርዝመት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሸዋ ሮቢት የሽንኩርት መስኖ ፓምፕ መጣልኝ። ባለ 0.80 ሽቦ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፤ ዋጋው ቀነስ ይላል፣ ቦቢኑ ግን ለኪሎው በጣም የተለቀ ነበር። ደስ ብሎኝ ጠመጠምኩ። ፓምፑ በሦስተኛው ቀን ተቃጥሎ ተመለሰ። ገበሬው እኔ ላይ ጮኸ፣ እኔ ደግሞ ቮልቴጁ ላይ። ከዚያ የተረፈውን አሥር ሜትር መዘንኩት። 0.80 በራሱ ሲባዛ፣ በ7 ሲባዛ፣ አሥር ሜትሩ መዳብ ከሆነ 45 ግራም መሆን ነበረበት፤ ከነቀለሙ ትንሽ ይበልጣል። ሚዛኑ 18 አለ። በምላጭ ጠለቅ አድርጌ ስፍቀው ውስጡ ነጭ ነው። አልሙኒየም ላይ መዳብ የተለበጠበት ሽቦ ነው። ከላይ ሲፋቅ መዳብ ያሳይሃል፣ ሲሸጥም መዳብ ነው፣ ግን ክብደቱ ከመዳብ ሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ኤሌክትሪክ የመሸከም አቅሙም ያንሳል። እንዲህ ዓይነት ቦቢን ላይ በ7 ካሰላህ ርዝመቱ ከእውነቱ በጣም አንሶ ይወጣል። ስለዚህ ስሌትህ ከዓይንህ ጋር ካልተስማማ፣ ቦቢኑ «ይህን ያህል ሜትር ብቻ ሊሆን አይችልም» የሚያሰኝ ከሆነ፣ ምላጭ አውጣ።

የቦቢኑ የውስጠኛው ጫፍ በጎን ባለው ቀዳዳ ብቅ ያለ ከሆነ፣ በመልቲሜትርም ማመሳከር ትችላለህ። ሁለቱን ጫፍ በደንብ ፍቀህ ኦምህን ለካ። ባለ 0.50 መዳብ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሜትር 0.0878 ኦም ነው። 1044 ሜትር ከሆነ 91.7 ኦም አካባቢ ማንበብ አለብህ። ያለህበት ግን ደብረ ብርሃን ነው። ጠዋት ሱቅህን ስትከፍት ቦቢኑ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ አድሮ 10 ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል። የመዳብ ኦም በቀዘቀዘ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ መልቲሜትሩ 88 ይልሃል። በቀጥታ ካካፈልከው 1002 ሜትር ይወጣና አርባ ሜትር ማን ወሰደብኝ ትላለህ። ማንም አልወሰደብህም፣ ውርጩ ነው። ሸዋ ሮቢት ብትሆን ቀትር ላይ ተቃራኒው ይገጥምህ ነበር። ከሰዓት ቤቱ ሞቅ ሲል፣ ቦቢኑም ሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ከቆየ በኋላ ለካ። ሚዛኑ ግን ለብርድ ግድ የለውም፤ ለዚህ ነው ከኦም ይልቅ ሚዛንን የማስቀድመው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እህቴ መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ይህን የውፍረት ስሌት ነግሬያት «ታዲያ የእኔን ድውር ስንት ክንድ እንደሆነ ንገረኛ» አለችኝ። አልሠራም። ክር ውስጡ ብዙ አየር ነው፤ ጠበቅ አድርገህ ስትይዘው ይቀጥናል፣ ስትለቀው ይወፍራል። ውፍረቱን ለክቶ ክብደት ማውጣት አይቻልም። ያለው መንገድ የናሙናው ነው። ከድውሩ ከሦስት አራት ቦታ ቆርጠን፣ በድምሩ ሃያ ሜትር መዘንን፤ 9 ግራም ሆነ። ድውሩ 450 ግራም ነበር፣ ስለዚህ 1000 ሜትር። ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳትቆርጥ ያልኳት የእጅ ፈትል አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሱፍ ክረምት ላይ ከአየሩ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ናሙናውን ዛሬ መዝነህ ድውሩን በበጋ ብትመዝን ይለያያል። ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቤት ስትመዝን ግን ውሃው ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል።

የቤት መስመር ገመድም እንደዚሁ ነው። ባለ 2.5 መስመር ስትገዛ መዳቡ በሜትር 22 ግራም ነው፣ ቁጥሩ በካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ በቀጥታ በ8.9 ታባዛዋለህ። ግን ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አንድ ሜትር ቆርጠህ መዝን፣ ጥቅሉን ለእሱ አካፍል። «መቶ ሜትር ነው» ተብሎ የተሸጠልህ ጥቅል ዘጠና ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

ወደ አንተ ጉዳይ ልመለስ። በእውነት ከጠየቅከኝ ለዳቦ ቤቱ ሥራ ሜትሩ ራሱ አያስፈልግህም። የፈለግከው «ይበቃል?» ለሚለው መልስ ነው። ከዲናሞው ያወጣኸውን የተቃጠለ አሮጌ መዳብ አትጣለው፣ መዝነው። ቫርኒሹ በደንብ ከተቃጠለለትና ምንም ካልጎደለ፣ የሚያስፈልግህን መዳብ ያሳይሃል። 480 ሜትሩ ልክ ከሆነ 840 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። አዲሱ ሽቦ ቀለም ስላለው ሦስት በመቶ ጨምርበት፣ ለብክነት ደግሞ አምስት። ወደ 910 ግራም ይመጣል። ያወጣኸው 950 ወይም 1000 ከመጣ ግን 480 ያልከው ተሳስቷል ወይም ቫርኒሹ አልለቀቀም፤ ዙሩን እንደገና ቁጠር። አሮጌው ሽቦም 0.50 መሆኑን አረጋግጥ፣ ቀድሞ የጠመጠመው ሰው ያገኘውን አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ዲናሞ ጠምጥምና ቦቢኑን እንደገና ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ከነፕላስቲኩ 1.24 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ሁሉም በልኩ እየሄደ ነው። ከ1.17 በታች ከወረደ ሁለተኛውን አትጀምር። ፕላስቲኩ 0.26 ነው፣ ሁለተኛው ዲናሞ 0.91 ይፈልጋል፣ የቀረው አይሞላለትም። ያን ጊዜ ሽቦ እስክታመጣ ዳቦ ቤቱ በአንዱ ዲናሞ ሊጡን እያቦካ ይጠብቅሃል።